አንዱ ወራሽ «ይሸጥ»፣ ሌሎቹ «አይሸጥም» ሲሉ፦ የጋራ የውርስ ቤት ክፍፍል

ክቡራንና ክቡራት፣ ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ጠበብ ያለ ነው። ወላጆች ሞተው አንድ ቤት ለልጆቻቸው ተላልፏል፤ ወራሾቹ ማንነታቸው ተረጋግጧል፤ የሟች ዕዳም ተከፍሏል፤ ቤቱ ግን እስካሁን ሳይከፋፈል በሁሉም ስም በጋራ ተይዟል። ከወራሾቹ አንዱ ቤቱ ተሽጦ ድርሻው በገንዘብ እንዲሰጠው ይጠይቃል፤ የቀሩት «የወላጆቻችን ቤት አይሸጥም» ብለው ይመልሳሉ። ኑዛዜው ይጸናል ወይስ አይጸናም፣ ወራሽ የሚባለው ማን ነው የሚሉት ክርክሮች ራሳቸውን የቻሉ ስለሆኑ ወደ እነርሱ አልገባም። የማተኩረው እምቢ ያሉት ወራሾች በእጃቸው ያለው መብት ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራበት፣ በጊዜው ሳይጠቀሙበት ሲቀሩም ምን እንደሚያጡ ነው።

በመጀመሪያ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበትን ነጥብ ላንሳ። በአብዛኛው የዓለም ሕግ እምቢታ ብቻውን መከላከያ አይሆንም። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1804 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቁጥር 815 «ማንም ሰው በጋራ ባለሀብትነት እንዲቆይ አይገደድም» የሚለውን መርሕ ይዟል። የጀርመን ሕግም እያንዳንዱ ወራሽ በማናቸውም ጊዜ ክፍፍል የመጠየቅ መብት እንዳለው በመርሕ ደረጃ ይቀበላል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም የጋራ ወራሽ ክፍፍል ለመጠየቅ የሌሎቹን ይሁንታ እንዲጠብቅ አያስገድደውም። እዚህ ላይ ድምፅ አይቆጠርም፤ ሦስቱ «አይሆንም» ብለው አንዱ ብቻ «ይሁን» ቢል፣ የአንዱ ጥያቄ በሦስቱ ድምፅ አይሻርም።

የዚህ መርሕ ምክንያት ግልጽ ነው። የጋራ ሀብት በአብዛኛው በስምምነት ካልሆነ በቀር አይመራም፤ ለማደስ፣ ለማከራየት፣ መያዣ አድርጎ ለመበደር የጋራ ባለሀብቶቹ መስማማት አለባቸው። ከዚህ ግንኙነት መውጫ ባይኖር ኖሮ ድርሻ ያለው ሰው በስም ባለሀብት፣ በተግባር ግን ባዶ እጁን የሆነ ሰው ሆኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ ቤቱ እንዲሸጥ የሚጠይቀውን ወንድም ከሀዲ ወይም ስስታም አድርጎ መመልከት፣ ቤተሰብን ከመጉዳቱም በላይ፣ ሕጉ እርሱን የሚያየው እንዲህ እንዳልሆነ ስለሚያስረሳ አደገኛ ነው።

ፍርድ ቤት ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ግን መታወቅ አለበት። በጀርመን የጋራ ንብረትን ለመካፈል የሚደረገውን ሐራጅ ፍርድ ቤቱ እስከ ስድስት ወር ሊያግደው፣ ይህንንም አንድ ጊዜ ሊደግመው ይችላል። በፈረንሳይ ወዲያው መካፈል የንብረቱን ዋጋ የሚጎዳ ሲሆን ክፍፍሉን እስከ ሁለት ዓመት ማዘግየት ይቻላል። የእንግሊዝ ዳኛ ሰፋ ያለ ሥልጣን አለው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ንብረቱ የተያዘበትን ዓላማ፣ በቤቱ የሚኖሩ ሕፃናትን ደኅንነትና የባለገንዘቦችን ጥቅም አመዛዝኖ ይወስናል። ወራሾች ራሳቸው ለተወሰነ ጊዜ ሳይካፈሉ ለመቆየት በጽሑፍ ተስማምተው ከሆነም ያ ስምምነት ይከበራል። ከእነዚህ ውጭ የሚሰጥ ጊዜ ግን በአብዛኛው መተንፈሻ እንጂ መዳኛ አይደለም። ስድስት ወር ያገኘ ቤተሰብ በዚያ ስድስት ወር ምን ሠራ የሚለው ነው ወሳኙ።

ሊሠራበት የሚገባውም ግዢ ነው፤ ማለትም እምቢ ያሉት ወራሾች የሻጩን ድርሻ በትክክለኛ ዋጋ ገዝተው ቤቱን በእጃቸው ማስቀረት። መብታቸው ያለው እዚህ ነው። በዓይነት መካፈል፣ ቤቱን ራሱን ቆርሶ መከፋፈል ማለት ነው፣ መሬቱ ሰፊ ሲሆን ይሠራል፤ አንድ መግቢያ፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ የውኃ መስመር ላለው መኖሪያ ቤት ግን በወረቀት ላይ የሚያምር፣ በተግባር ሁሉንም ቁራጭ ዋጋ የሚያሳጣ መፍትሔ ነውና ብዙ አልቆይበትም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሽያጭ ነው፤ ሽያጩም በስምምነት ካልሆነ በሐራጅ ይሆናል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ልዘርዝረው። ምሳሌው ለማስረዳት የተዘጋጀ ስለሆነ የገንዘቡን ዓይነት ትቼ ቁጥሩን ብቻ እጠቅሳለሁ። እናታቸው ከሞተች አራት ዓመት የሆናቸው አራት ልጆች እኩል ድርሻ አላቸው። ታላቂቱ እኅት በቤቱ ትኖራለች። ሦስተኛው ልጅ ይሸጥ ባዩ ነው። ሁለተኛው ወንድምና ታናሿ እኅት ከታላቂቱ ጋር ሆነው እምቢ ብለዋል። ቤቱ ዛሬ በገበያ 12,000,000 ያወጣል። የእያንዳንዳቸው ድርሻ እንግዲህ 3,000,000 ነው።

የመጀመሪያው ጠብ በዚህ 12,000,000 ላይ ይነሣል። ትናንት «ዋጋ የማይተመንለት ቤት» ይሉ የነበሩት ወራሾች ገዢ ሲሆኑ ቤቱ አርጅቷል፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል ማለት ይጀምራሉ፤ ሻጩም በተራው የጎረቤት ቤት ተሸጠበት የተባለውን ከፍተኛ ዋጋ ይጠቅሳል። ሁለቱም ወገን የየራሱን ገማች ካመጣ በኋላ ሁለቱን ግምት ደምሮ ለሁለት ማካፈል የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልመክረውም፤ ምክንያቱም ይህ አሠራር ግምቱን አጋንኖ ወይም አሳንሶ ላመጣ ወገን ዋጋ ይከፍላል። የሚሻለው ሁለቱም አስቀድመው በጽሑፍ የተቀበሉት አንድ ገለልተኛ ገማች ነው፤ ካልተስማሙ ደግሞ በፍርድ ቤት የሚሾም።

ለገማቹ የሚሰጠው ጥያቄ አቀራረብም ውጤቱን ይቀይራል። ለገማቹ «የአንድ አራተኛ ድርሻ ስንት ያወጣል?» ተብሎ ከቀረበለት ዝቅ ያለ ቁጥር ያመጣል፤ ከማያውቃቸው ሦስት ወንድምና እኅት ጋር በጋራ ለመያዝ ሙሉ ዋጋ የሚከፍል የውጭ ሰው የለምና። መጠየቅ ያለበት ግን ሙሉው ቤት በአንድ ባለቤት እጅ እንዳለ ተቆጥሮ በገበያ ስንት እንደሚያወጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ውጤቱ ለአራት ይካፈላል። ግምቱም የሚወሰደው ክፍፍሉ ከሚፈጸምበት ቀን ጋር በተቀራረበ ጊዜ እንጂ እናት በሞተችበት ቀን መሆን የለበትም። አራት ዓመት ሙሉ የጨመረው ዋጋ የሁሉም ነው፤ ቀንሶም ከሆነ ኪሳራው የሁሉም ነው።

ሁለተኛው ጠብ የሒሳብ ማጣራቱ ነው። ታላቂቱ እኅት ጣሪያው ሲያፈስ በ400,000 አስጠግናለች፤ የአራት ዓመት ግብርና መድን 200,000 ከፍላለች። እነዚህ አስፈላጊ ወጪዎች ስለሆኑ ድምራቸው 600,000 ለአራት ይካፈላል፤ እያንዳንዱ ወንድምና እኅት 150,000 ሊመልስላት ይገባል። ወጥ ቤቱንም በ300,000 አሳምራለች። ይህ ግን ማሻሻያ ነው፤ ማሻሻያ የሚታሰበው በወጣበት ገንዘብ ሳይሆን በቤቱ ዋጋ ላይ በጨመረው መጠን ነው። ገማቹ የጨመረው 160,000 ነው ካለ የየአንዳንዱ ዕዳ 40,000 ብቻ ይሆናል። በሌላ በኩል አንዱን ክፍል በወር 10,000 ለ48 ወር አከራይታ 480,000 ተቀብላለች። ይህ የቤቱ ፍሬ ስለሆነ ለእያንዳንዱ 120,000 ይደርሰዋል። ሲቻቻል ከሦስቱ እያንዳንዱ ለታላቂቱ 70,000 ይከፍላል ማለት ነው። የይሸጥ ባዩ ድርሻም ከ3,000,000 ወደ 2,930,000 ይወርዳል።

እዚህ ላይ ደረሰኝ የሌለው ወጪ እንደሌለ የሚቆጠርበት አጋጣሚ ብዙ ነው። በቤተሰብ መካከል ደረሰኝ መያዝ ነውር የሚመስለው ሰው አለ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን የጣሪያ ሠራተኛው የት እንዳለ የሚያውቅ አይገኝም። የባንክ ዝውውር፣ ከግብር ቢሮ የተሰጠ ደረሰኝ፣ ከእድሳቱ በፊትና በኋላ የተነሣ ፎቶግራፍ በቂ ማስረጃ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዚሁ ጋር የሚነሣው ጥያቄ ራሷ ታላቂቱ እኅት በቤቱ ስለኖረች ኪራይ ትከፍላለች ወይ የሚለው ነው። መልሱ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። በፈረንሳይ ቤቱን ብቻውን የሚጠቀምበት የጋራ ባለሀብት ለሌሎቹ ካሳ ይከፍላል፤ ጥያቄው ግን ከአምስት ዓመት በላይ ወደ ኋላ አይሄድም። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ እዚያ መኖር ብቻውን ዕዳ አያመጣም፤ ዕዳ የሚመጣው ሌሎቹን የከለከለች እንደሆነ ነው። ለዚህ ነው የበር ቁልፍ መቀየር ትንሽ ነገር ያልሆነው። ወንድሟ ሊጎበኝ ሲመጣ በሩ አዲስ ቁልፍ ይዞ ከተገኘና ቁልፍ ካልተሰጠው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የነበራት አቋም ሊለወጥ ይችላል፤ ነፃ ኗሪነቷም ወደ ኪራይ ተጠያቂነት ሊዞር ይችላል። በቤቱ የምትኖረው ወራሽ ቁልፍ ብትቀይር እንኳ በዚያው ቀን ለሁሉም ቅጂ ሰጥታ መፈራረሟ ይጠቅማታል።

ልብ በሉ፤ ቤተሰቡን ዓመታት የሚያጣላው የሒሳብ ማጣራት በድርሻው ላይ ያመጣው ልዩነት 70,000 ብቻ ነው። ነገሩ ወደ ሐራጅ ቢሄድ የሚሆነውን ደግሞ እንመልከት። በግዴታ ሐራጅ የሚመጡ ተጫራቾች ጥቂቶች ናቸው፤ ቤቱን ከውስጥ ሊያዩት ላይችሉ ይችላሉ፤ ገንዘቡን በአጭር ጊዜ መክፈል ይጠበቅባቸዋል፤ ታላቂቱ እኅትም እስካሁን ውስጡ እየኖረች እንደሆነ ስለሚያውቁ የማስለቀቁን ጣጣ ከሚያቀርቡት ዋጋ ላይ ይቀንሳሉ። በምሳሌያችን ቤቱ በ8,400,000 ተሸጠ፣ የፍርድ ቤት፣ የገማችና የሐራጅ ወጪ 400,000 ሆነ እንበል። የሚቀረው 8,000,000፣ የእያንዳንዱ ድርሻ 2,000,000 ነው። የቤቱን መሸጥ የጠየቀውም፣ እምቢ ያሉትም እኩል 1,000,000 አጥተዋል።

ከዚህ ቁጥር ሁለት ነገር ይታያል። እምቢ ባዮቹ ክሱን ተከላክለው ያሸነፉ መስሏቸው የሚቆዩበት እያንዳንዱ ወር ወደ ሐራጅ የሚያቀርባቸው ከሆነ፣ በዋጋ መግዛት ይችሉ የነበረውን ቤት ለማያውቁት ሰው በርካሽ እየሰጡት ነው። ይሸጥ ባዩም ሐራጅን እንደ ማስፈራሪያ ሲያነሣ ራሱን እያስፈራራ እንደሆነ ሊያውቅ ይገባል። ለእርሱ ከ2,000,000 በላይ የሆነ ማናቸውም የቤተሰብ ግዢ ከሐራጁ የተሻለ ነው፤ ለገዢዎቹም ከ3,000,000 በታች የሆነ ሁሉ ከገበያው የተሻለ ነው። ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ለመስማማት ቦታ አለ። በእኔ አመለካከት ግን ይህን ክፍተት ይሸጥ ባዩን ለማስጨነቅ መጠቀም ተገቢ አይደለም፤ ሙሉውን የገበያ ዋጋ ከፍሎ የክፍያ ጊዜ መጠየቅ ፍትሐዊም፣ ቶሎ የሚያልቅም መንገድ ነው።

ይህን ቅደም ተከተል በሕግ ካሰፈሩት መካከል በአሜሪካ በ2010 እ.ኤ.አ. የተረቀቀው፣ በርካታ ግዛቶችም የተቀበሉት የወራሾች ንብረት ክፍፍል ወጥ ሕግ ይጠቀሳል። ሕጉ የወጣበት ምክንያት አሳዛኝ ነው፤ በደቡባዊው የአገሪቱ ክፍል ብዙ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ያለ ኑዛዜ የወረሱትን መሬት፣ ከአንድ ሩቅ ዘመድ ትንሽ ድርሻ የገዙ ነጋዴዎች ክፍፍል ጠይቀው በሐራጅ በርካሽ ይወስዱባቸው ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የሙሉውን ንብረት ዋጋ ያስወስናል። ከዚያም ሽያጭ ያልጠየቁት ወራሾች የጠያቂውን ድርሻ በዚያ ዋጋ ለመግዛት መፈለጋቸውን በ45 ቀን ውስጥ ያሳውቃሉ። ካሳወቁ በኋላ ፍርድ ቤቱ የክፍያ ቀን ይቆርጣል፤ ያም ቢያንስ 60 ቀን ይሰጣቸዋል። ካልገዙ በዓይነት መካፈል ይታያል፤ ሽያጭ የግድ ከሆነም በመርሕ ደረጃ በደላላ በኩል በክፍት ገበያ ይሸጣል እንጂ ወዲያው ሐራጅ አይወጣም። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አገርም ቢሆን ወራሾች ይህንኑ ቅደም ተከተል በራሳቸው ስምምነት ሊጽፉት ይችላሉ፤ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ መልስም «እንቃወማለን» ከማለት ይልቅ «ቤቱ ይገመት፤ ድርሻውን በዚያ ዋጋ እንግዛ» የሚል ሊሆን ይችላል።

ወደ ምሳሌያችን ልመለስ። ሁለተኛው ወንድም ገንዘብ የለውም፤ ስለዚህ ሁለቱ እኅቶች ብቻ ይገዛሉ። ከግዢው በኋላ ሁለተኛው ወንድም በአንድ አራተኛው ይቀራል፤ እኅቶቹ እያንዳንዳቸው ከስምንት ሦስት እጅ ይኖራቸዋል። ብዙዎች እዚህ ላይ 2,930,000ን ለሁለት አካፍለው ለእያንዳንዷ 1,465,000 ይመድባሉ። ይህ ስሕተት ነው። የተቀነሰው 70,000 ይሸጥ ባዩ ለታላቂቱ ብቻ የነበረበት ዕዳ እንጂ የታናሿ ገንዘብ አይደለም። ትክክለኛው 3,000,000ን ለሁለት ማካፈል ነው፤ ታናሿ 1,500,000 ትከፍላለች፣ ታላቂቱ ዕዳዋን አቻችላ 1,430,000 ትከፍላለች፤ ሁለተኛው ወንድምና ታናሿም የየራሳቸውን 70,000 ለታላቂቱ መክፈላቸው አይቀርም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ብዙ ግዢዎች የሚሰናከሉበት ቦታ ነው። ባንክ ቤቱን መያዣ አድርጎ ለማበደር የሁሉንም ባለሀብቶች ፊርማ ይጠይቃል፤ ይሸጥ ባዩ ደግሞ ገንዘቡን ሳያይ አይፈርምም። ይህ ቋጠሮ የሚፈታው ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ መዝገብ ፊት ሲፈጸም ነው፤ ባንኩ ብድሩን አጽድቆ ገንዘቡን በሦስተኛ ወገን ያስቀምጣል፣ ወንድሙ ይፈርማል፣ ስሙ ይዞራል፣ ገንዘቡ ይለቀቃል። በምሳሌያችን ታናሿ በብድር ያገኘችውን 1,500,000 በፊርማው ቀን ትከፍላለች፤ ታላቂቱ 1,430,000ውን በአሥራ ስምንት ወር ትከፍላለች። ያልተከፈለው ገንዘብ ግን በቃል እምነት ብቻ መተው የለበትም፤ ወንድሙ ባልተከፈለው መጠን በቤቱ ላይ የተመዘገበ መያዣ ሊኖረው ይገባል፤ ባንኩም ይህን ሁለተኛ መያዣ አስቀድሞ መቀበሉ በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። የስም ዝውውር ግብርና የምዝገባ ወጪ የማን እንደሆነም በውሉ ካልተጻፈ፣ ስምምነቱ በመጨረሻው ሰዓት በዚህ ምክንያት ሊፈርስ ይችላል።

ድርድሩ ሲጓተት ይሸጥ ባዩ ድርሻውን ለውጭ ሰው የመሸጥ መንገድም እንዳለው ሌሎቹ ሊዘነጉ አይገባም። ድርሻ የራስ ሀብት ስለሆነ በብዙ አገር ሊሸጥ ይችላል፤ ለጋራ ባለሀብቶቹ ግን የቀዳሚነት መብት ሊኖራቸው ይችላል። በፈረንሳይ ሻጩ የተስማማበትን ዋጋ፣ ሁኔታና የገዢውን ማንነት በሕጋዊ ማስታወቂያ ሲያሳውቅ ሌሎቹ መልስ የሚሰጡበት አንድ ወር ብቻ አላቸው። ማስታወቂያውን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ወራሽ ከወር በኋላ የማያውቀው ሰው የቤቱ ባለድርሻ ሆኖ ያገኘዋል፤ ያ ሰው ደግሞ ወንድማቸው የነበረውን ክፍፍል የመጠየቅ መብት አብሮ ገዝቷል፤ የእናታቸው ቤት መሆኑም ለእርሱ ምንም አይደለም።

ስለዚህ ከወንድም ወይም ከእኅት «ይሸጥ» የሚል ጥያቄ በጽሑፍ የደረሳችሁ እንደሆነ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሠራው የድርሻችሁን ማስረጃ ማውጣት፣ ደረሰኞችን በዓመት በዓመት መለየት፣ የጋራ ገማች ለመሾም በጽሑፍ መጠየቅና ባንክ ሄዶ እስከ ስንት ሊያበድር እንደሚችል ማረጋገጥ ነው። የባንኩ መልስ 1,500,000 ሳይሆን 600,000 ከሆነ ግዢው እንደማይሳካ ያኔውኑ ይታወቃል፤ ገና ክስ ሳይመሠረት፣ ሁሉም ፈርመውበት፣ ቤቱ ጸድቶና በሩ ለገዢ ተከፍቶ በክፍት ገበያ በ12,000,000 ሊሸጥ በሚችልበት ጊዜ ማለት ነው።